ኤርታጉ ለምን ዝም አለ? የደከመ ባትሪና ያልተፈታ የባለቤትነት ቁልፍ

ኤርታግ አልጮህ ወይም አይፎኑ ላይ አልታይ ሲል አብዛኛው ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። ብዙውን ጊዜ ግን አልተበላሸም። ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ደግሞ ኤርታጉ አሁንም በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል። ሁለቱ ችግሮች ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ዕቃው ዝም ይላል፣ ስልኩም አያውቀውም። መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ባትሪ የፈለገውን ኤርታግ ደጋግመው ሪሴት ቢያደርጉት ምንም አይሻሻልም። በሌላ ሰው ስም ያለውም አዲስ ባትሪ ስለገባለት ብቻ ለእርስዎ አይሠራም። ስለዚህ የትኛው እንደሆነ መለየት ይቀድማል፤ ለመለየት ደግሞ መሣሪያም ባለሙያም አያስፈልግም።

ኤርታግ አፕል በ2021 ለገበያ ያቀረበው፣ ቁልፍ፣ ቦርሳና ሻንጣ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ክብ መከታተያ ነው። ስፋቱ ወደ 32 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም 11 ግራም ነው። ውስጡ ሲም ካርድ የለም፣ ጂፒኤስም የለም፣ በራሱ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ በየጊዜው አጭር የብሉቱዝ ምልክት ይልካል። ባለቤቱ በአቅራቢያው ካለ የባለቤቱ አይፎን ምልክቱን ይሰማል። ባለቤቱ ከራቀ ደግሞ በአጠገቡ የሚያልፍ ማንኛውም ሰው አይፎን ምልክቱን ተቀብሎ፣ የራሱን ቦታ ጨምሮ ወደ አፕል ያስተላልፋል። በስልካችሁ ካርታ ላይ የምታዩት ነጥብ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርታው ላይ ነጥቡ ስለታየ ብቻ ድምፁንም ማሰማት የሚቻል ይመስለዋል። ነጥቡ የመጣው ከሌላ ሰው ስልክ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ከሁለት ሰዓት በፊት ነው የመጣው። ድምፅ ለማሰማት ግን የራሳችሁ አይፎን ከኤርታጉ ጋር በቀጥታ በብሉቱዝ መገናኘት አለበት። የብሉቱዝ ርቀት ደግሞ በግልጽ ቦታም ውሱን ነው፤ በመካከል የብሎኬት ግድግዳ ወይም የመኪና ቆርቆሮ ካለ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ Find My ከፍታችሁ፣ Items የሚለው ውስጥ ገብታችሁ፣ Play Sound ስትጫኑ ምንም ካልተሰማ፣ መጀመሪያ ወደ ዕቃው ቀረብ ብላችሁ ትንሽ ዞር ዞር ማለት ነው። የስልካችሁ ብሉቱዝና ሎኬሽን መከፈታቸውንም አረጋግጡ።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ። አንዳንዱ ሰው ኤርታጉን እንደ ጆሮ ማዳመጫ ከስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ይፈልገዋል። እዚያ ሲያጣው ሞቷል ይላል። ኤርታግ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ የሚታየው Find My ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መለያው ፈተና እንምጣ። የኤርታጉን የሚያብረቀርቅ የብረት ክዳን በሁለት አውራ ጣት ጫን አድርጋችሁ፣ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙሩት። ክዳኑ መዞሩን ሲያቆም ይነሣል። ባትሪውን አውጡና የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ፣ ወደ እናንተ እንደሆነ መልሳችሁ አስገቡ፤ ከዚያ በጣታችሁ ጫን አድርጉት። ኤርታጉ ኃይል እንዳገኘ አጭር ድምፅ ያሰማል። ይህ ድምፅ ከተሰማ ባትሪው፣ መገናኛ ብረቶቹና ድምፅ ማውጫው ደኅና ናቸው ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው በስልኩ ወይም በምዝገባው በኩል ነው። ምንም ካልተሰማ ስለ አፕና ስለ አካውንት ማሰብ ገና ነው፤ ጉዳዩ ባትሪው ላይ ነው። ባትሪው ተቀይሮም ካልተሰማ ድምፅ ማውጫው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ሌባ እንዳይሰማው፣ ወይም በክፉ ሐሳብ ሰውን በድብቅ ለመከታተል፣ ድምፁን ነቅለው የሚጠቀሙ ሰዎች ስላሉ፣ ያገለገለ ኤርታግ የሚገዛ ሰው ይህን መጠርጠር አለበት።

ባትሪው ሲአር 2032 የሚባለው ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ነው። የመኪና ሪሞት ውስጥና የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ የሚገባውም ይኸው ነው። ቁጥሩ ትርጉም አለው፦ 20 ማለት ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ 32 ማለት ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። ከሱቅ ሲገዛ 2025 ወይም 2016 የሚል ቁጥር ያለው ተሰጥቷችሁ ከሆነ ስፋቱ አንድ ስለሆነ ገጥሞ ይቀመጣል፤ ቮልቴጁም ያው 3 ቮልት ነው። ግን ቀጭን ስለሆነ ከመገናኛው ጋር በደንብ አይነካካም። አንዴ ይሠራል፣ ቦርሳው ሲወዛወዝ ይጠፋል። እንዲህ የሚበራና የሚጠፋ ኤርታግ ሲገጥማችሁ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ።

ደኅና ባትሪ ኤርታጉን ከአንድ ዓመት በላይ ያቆየዋል። እየደከመ ሲሄድ አይፎኑ ባትሪው ማነሱን ያሳውቃል፤ ይህን መልእክት ግን ብዙው ሰው ሳያነበው ያልፈዋል። የደከመ ባትሪ የሚያሳየው ጠባይ መታወቅ ያለበት ነው፤ ባትሪው በአንድ ቀን ድርግም ብሎ አይጠፋም። የብሉቱዝ ምልክት መላክ የሚጠይቀው ኃይል እጅግ ትንሽ ነው። ድምፅ ማሰማት ግን ብዙ ኃይል ባንድ ጊዜ ይጠይቃል። ባትሪው ሲያረጅ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምርና ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ቮልቴጁ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ ኤርታጉ ካርታ ላይ እየታየ ድምፁ ግን የማይሰማበት፣ ወይም Play Sound ስትጫኑ ጀምሮ የሚቋረጥበትና ከዚያ ከስልኩ የሚጠፋበት ጊዜ ይኖራል። ብርድ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ያደረ ኤርታግ ጠዋት ዝም ብሎ ከሰዓት በኋላ ሊሠራ ይችላል።

በዚሁ ምክንያት የመልቲሜትር ልኬት ያታልላል። አዲስ ባትሪ ሲለካ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል። የደከመውም ምንም ሳይሠራ ሲለካ ወደ 3 ቮልት የተጠጋ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ሥራ ሲሰጠው ነው የሚወድቀው። የሰዓት ጠጋኙ ለክቶ “ደኅና ነው” ቢላችሁ ውሸት አልተናገረም፤ ልኬቱ ግን የሚፈለገውን አይነግርም። ከታሸገ ፓኬት የወጣ አዲስ ባትሪ አስገብቶ ማየት ከዚህ ሁሉ የተሻለ ፈተና ነው።

አዲሱ ባትሪም የማይሠራበት አንድ ምክንያት አለ። አንዳንድ አምራቾች ሕፃናት ባትሪውን አፋቸው ውስጥ ሲያደርጉት እንዲተፉት በላዩ ላይ መራራ ነገር ይቀቡታል። ይህ ቅባት የኤርታጉ መገናኛ ከሚነካበት ቦታ ላይ ካረፈ ኃይል አያሳልፍም። አፕል ራሱ መራራ ቅባት ያላቸው ባትሪዎች ኤርታግ ውስጥ ላይሠሩ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ፓኬቱ ላይ ስለ መራራ ቅባት ከተጻፈና ኤርታጉ ካልጮኸ፣ ባትሪውን ሞተ ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ያልተቀባ ሌላ ሞክሩ። ቅባቱ የተፈለሰፈው ግን በከንቱ አይደለም። ይህ ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። የተዋጠ ከመሰላችሁ ምልክት ሳትጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው። የኤርታግ ክዳን በእጅ የሚከፈት ስለሆነ፣ ሕፃን ባለበት ቤት ቁልፉን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ የወጣውንም አሮጌ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት።

እስካሁን ያየነው ቀላሉን ነው። ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ሁለተኛው ችግር ነው፤ በተለይ ኤርታጉ ከውጭ አገር ከዘመድ የመጣ ሲሆን። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቨርጂኒያ የምትኖር እህት ለወንድሟ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ በሰው እጅ ወደ አዲስ አበባ ላከች። ሻንጣው እንዳይጠፋ የራሷን ኤርታግ አስገባችበት። ሻንጣው በሰላም ደረሰ። “በዚያው ኤርታጉንም ላንተ ይሁን” አለችው። ወንድምየው አይፎን አለው፤ ኤርታጉን አስጠግቶ ሞከረ፤ ስልኩ ግን ይህ ኤርታግ ከሌላ አካውንት ጋር የተያያዘ ነው ብሎ አልቀበል አለው። ባትሪ ቀየረ፤ ድምፁ ተሰማ፤ ስልኩ ግን ያንኑ መለሰ። ጓደኛው ሪሴት አድርገው አለው። አደረገ፤ አሁንም አልተቀየረም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። ኤርታጉ ዝም ብሎም አልተቀመጠም። ከባለቤቱ የራቀ ኤርታግ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ራሱ ድምፅ እንዲያሰማ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሰውን በድብቅ ለመከታተል እንዳይውል። ስለዚህ ወንድምየው ሻንጣውን ባነሣ ቁጥር ዕቃው ይጮኻል። ስልኩም AirTag Found Moving With You የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳየዋል። ሰውየው ደነገጠ፤ ዕቃው የተበላሸ መሰለው። እንዲያውም ይህ ሁሉ ኤርታጉ ፍጹም ጤነኛ እንደሆነና አሁንም ባለቤት እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ነው። እህትየውም በበኩሏ ስልኳን ብትከፍት ኤርታጉን ካርታው ላይ ታየዋለች፤ ምክንያቱም የወንድሟ አይፎን ራሱ ቦታውን እያስተላለፈላት ነው። ከቨርጂኒያ ሆና ልታስጮኸው ግን አትችልም፤ ብሉቱዝ እዚያ ድረስ አይደርስም።

ሪሴት ለምን አልሠራም? የባለቤትነቱ መዝገብ ኤርታጉ ውስጥ ስለማይቀመጥ ነው። አንድን ቤት ቀለም ቢቀቡት፣ በሩን ቢቀይሩት፣ ካርታው ያለው ግን መሬት አስተዳደር ቢሮ ነው፤ ስሙ እዚያ ካልተዛወረ ቤቱ የቀድሞው ባለቤት ነው። ኤርታጉም እንደዚሁ ነው። ሪሴት ኤርታጉ ውስጥ ያለውን ያጸዳል። የእህትየው ስም ግን በመለያ ቁጥሩ አንጻር አፕል ዘንድ ተመዝግቦ ይኖራል። አዲስ አይፎን ሲቀርብ በኢንተርኔት አፕልን ይጠይቃል፤ አፕልም ባለቤት አለው ብሎ ይመልሳል። ባትሪ መቀየርም፣ የባለቤቱን ስልክ ሪሴት ማድረግም፣ አዲስ ስልክ መግዛትም ይህን አይሽረውም፤ ምዝገባው ከስልኩ ጋር ሳይሆን ከአካውንቱ ጋር ነውና።

የሚፈታው እህትየው ብቻ ናት፤ ለመፍታትም ወደ አዲስ አበባ መምጣት አያስፈልጋትም። በአይፎኗ ወይም በአይፓዷ Find My ትከፍታለች፣ Items ውስጥ ገብታ ኤርታጉን ትመርጣለች፣ ወደ ታች ወርዳ Remove Item የሚለውን ትጫናለች፤ ታረጋግጣለች። የቀድሞ ስልኳ ተሰብሮ ከሆነ በሌላ አይፎን በራሷ አካውንት ገብታ ያንኑ ማድረግ ትችላለች። በዚህ ስሟ ከመዝገቡ ይወጣል።

ኤርታጉ አጠገቧ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር፤ ስልኳ በብሉቱዝ “ነጻ ወጥተሃል” ብሎ ይነግረዋልና። አሁን ግን ሺህ ማይሎች ርቆ ስላለ ኤርታጉ ራሱ ምንም አልሰማም፤ አሁንም የእሷ ነኝ ብሎ ያምናል። ሪሴት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ወንድምየው ቀደም ሲል ያደረገው ሪሴት ስሕተት አልነበረም፤ ያለ ጊዜው ነበር። መጀመሪያ እህትየው ታስወጣለች፣ ከዚያ ወንድምየው ሪሴት ያደርጋል። ደውሎ “እህቴ፣ አወጣሽው?” ብሎ ከሷ አፍ ካልሰማ አይጀምር።

አሠራሩ ይህ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ባትሪውን ያወጣል። መልሶ አስገብቶ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ በጣቱ ይጫናል። ድምፁ ሲያበቃ ያወጣዋል፣ እንደገና ያስገባል፣ ይጫናል፣ ድምፁን ይሰማል። ይህን ደጋግሞ በጠቅላላው 5 ጊዜ ድምፅ መስማት አለበት። አምስተኛው ድምፅ ከቀደሙት አራቱ የተለየ ነው፤ ሪሴቱ መከናወኑን የሚነግረው እሱ ነው። አምስተኛው እንደ አራተኛው ከሆነ ሪሴት አልሆነም፤ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ቸኩሎ ድምፁ ሳያልቅ ባትሪውን ማውጣት ነው። ሌላው በደከመ ባትሪ መሞከር ነው፤ ሁለቴ ጮኾ በሦስተኛው ዝም ካለ ቆጠራው ይበላሻል። ስለዚህ ሪሴት ከመጀመሩ በፊት አዲስ ባትሪ ማዘጋጀት ጊዜ ይቆጥባል።

ከዚያ ክዳኑ ላይ ያሉትን ሦስት ጥርሶች ከሦስቱ ቀዳዳዎች ጋር አገናኝቶ፣ ክዳኑን በሰዓት አቅጣጫ አዙሮ ይገጥመዋል። ኢንተርኔት የተከፈተለትን አይፎን ሲያስጠጋ Connect የሚል ማያያዣ ብቅ ይላል። ኢንተርኔቱ የግድ ነው፤ መዝገቡ የሚጠየቀው በእሱ ነውና፣ ዳታ በጠፋበት ሰዓት ማጣመር አይሳካም። ኤርታጉ በአንድሮይድ ስልክ እንደማይመዘገብም ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ አገር አብዛኛው ስልክ አንድሮይድ ስለሆነ ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል፦ አንደኛ፣ አይፎን የሌለው ሰው ኤርታግ ቢሰጠው አይጠቀምበትም። ሁለተኛ፣ አይፎን በማይበዛበት ሰፈርና ከተማ የጠፋ ዕቃ ቦታ ካርታው ላይ ዘግይቶ ይታያል፤ ምልክቱን የሚያስተላልፍ ስልክ በአጠገቡ እስኪያልፍ መጠበቅ አለበትና። ይህን የኤርታጉ ብልሽት አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

አንድሮይድ ስልክ ግን ለአንድ ነገር ይጠቅማል። ኤንኤፍሲ ያለው ማንኛውም ስልክ፣ አይፎንም አንድሮይድም፣ በኤርታጉ ነጭ ጎን ሲነካ አንድ ገጽ ይከፈታል። ገጹ የኤርታጉን መለያ ቁጥርና የተመዘገበበትን ስልክ ቁጥር የመጨረሻ አራት አኃዞች ያሳያል። ከገበያ ያገለገለ ኤርታግ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይህን ያድርግ። አራት አኃዝ ከታየ ዕቃው ገና የሰው ነው። ሻጩ ባለቤት ከሆነ በዓይናችሁ ፊት Remove Item ይጫን። “ስልኬን ቤት ረስቻለሁ” ወይም “ሪሴት ስታደርገው ይሠራል” ካለ አትግዙት። ባለቤቱ ያልታወቀ ወይም አካውንቱ የተረሳ ኤርታግ በእጅ ባለው ዕቃ ብቻ የሚከፈትበት መንገድ የለም። በስልክ ጥገና ሱቅ “እከፍትልሃለሁ” የሚላችሁ ሰው ቢኖር ሊያደርግ የሚችለው ያንኑ የ5 ጊዜ ሪሴት ነው፤ ያ ደግሞ መዝገቡን አይነካም።

ይህ ጥብቅነት ያናድዳል፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። መዝገቡ በባትሪ ማውጣትና ማስገባት ቢፈታ ኖሮ ቦርሳ የሰረቀ ሰው ኤርታጉን በአንድ ደቂቃ የራሱ ባደረገው ነበር። ለመከታተልም ቢሆን፣ ኤርታጉን ያስቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ፍንጭ በዚያው ይጠፋ ነበር።

የሌሎች ኩባንያዎች መከታተያዎችም በዚህ መንፈስ ነው የተሠሩት። የሳምሰንግ ስማርትታግ ከሳምሰንግ አካውንት ጋር ይያያዛል፤ ታይል የሚባለውም ከአካውንት ጋር ይመዘገባል። ልዩነቱ በባትሪው ነው፦ አንዳንድ ቀጫጭን የታይል ዓይነቶች ባትሪያቸው የታሸገ ስለሆነ ሲያልቅ አይቀየርም፤ ኤርታግና ስማርትታግ ግን ያንኑ ሲአር 2032 ይቀበላሉ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ልመና አለኝ። ኤርታጉን ከሻንጣ ጋር ስትልኩ መንገዱን ለመከታተል ስማችሁ ላይ ቢቆይ ምንም አይደለም። ዕቃው ከደረሰ በኋላ ግን “ያንተ ይሁን” ካላችሁ በዚያው ስልክ ላይ ሳላችሁ Remove Item ተጫኑ። ይህን እስክታደርጉ ድረስ እናንተ የተቀባዩን መዋያና ማደሪያ ካርታ ላይ ታያላችሁ፤ እሱ ግን ስጦታውን አይጠቀምበትም። ኤርታጉን ገና በእጃችሁ ሳለ ልትሰጡ ከወሰናችሁ ደግሞ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አስወጡት፤ ያኔ ተቀባዩ ባትሪ ማውጣትና ማስገባት ሳያስፈልገው ስልኩን አስጠግቶ ወዲያው ያያይዘዋል።